24 ሌሊት ወይስ 28? ውጭ አገር ላለ የቤት አከራይ ከመጻፋችሁ በፊት

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ለሥልጠናና ለምርምር ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው አሁን አሁን ሆቴል ብቻ አያስብም። ሦስትና አራት ሳምንት ለሚቆይ ሰው ኩሽና ያለው ቤት ይሻለዋል። ሽሮውን ይዞ ሄዶ ራሱ ያበስላል፣ ልብሱንም እዚያው ያጥባል። ኤርቢኤንቢን በመሳሰሉ አፖች ላይ ደግሞ ቆይታው በረዘመ ቁጥር የአንዱ ሌሊት ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ነገሩ የሚበላሸው ለአከራዩ ሲጻፍ ነው። ብዙ ሰው ቅናሹን፣ ተጨማሪ ቀኑንና የመግቢያ ሰዓቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። ስንት እንደሚፈልግ ግን አይናገርም። «እባክዎ ትንሽ ይቀንሱልኝ» የሚል መልእክት ለአከራዩ ሥራ ነው የሚጨምርበት። ተነስቶ ማስላት ያለበት እሱ ነውና። ስለዚህ መልሱ ብዙ ጊዜ «ይቅርታ፣ ዋጋው ያው ነው» ይሆናል። ስንት ሌሊት፣ ስንት ዶላር፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ቀድመን መወሰን ያለብን እኛው ነን። ለዚያ ደግሞ ከሁሉ በፊት አንድ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል፦ 28።

28ኛዋ ሌሊት

ኤርቢኤንቢ ላይ አከራዩ ከፈለገ ሁለት ቅናሽ አስቀድሞ ያስቀምጣል። አንዱ ከ7 ሌሊት ጀምሮ የሚሠራው ሳምንታዊ ቅናሽ ነው። ሌላው ከ28 ሌሊት ጀምሮ የሚሠራው ወርኃዊ ነው። ሁሉም አከራይ አያስቀምጥም፤ ካስቀመጠ ግን ቀኑን ስታስገቡ በራሱ ይቀነሳል። መለመን አያስፈልገውም። እናም ለማንም ከመጻፋችሁ በፊት ያንኑ ቤት ሁለት ጊዜ ፈልጉት። አንዴ በምትፈልጉት ቀን፣ አንዴ ደግሞ በ28 ሌሊት። ከዚያ ሁለቱን ድምር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ናይሮቢ ላይ ሥልጠና ነበራት፤ የሚያስፈልጋት 24 ሌሊት ነው። የወደደችው ስቱዲዮ በሌሊት 40 ዶላር ይላል፣ የጽዳት ክፍያ 25 ዶላር። ሳምንታዊ ቅናሹ 10 በመቶ፣ ወርኃዊው 25 በመቶ ነው። የአፑን የአገልግሎት ክፍያ ለጊዜው እንተወውና እንዲህ ይሆናል። 24 ሌሊት 960 ዶላር ነበር፤ 10 በመቶው ሲቀነስ 864፣ ከጽዳት ጋር 889 ዶላር። 28 ሌሊት 1,120 ዶላር ነበር፤ 25 በመቶው ሲቀነስ 840፣ ከጽዳት ጋር 865 ዶላር።

አራት ሌሊት ጨምራ 24 ዶላር ትቆጥባለች ማለት ነው። ያየ ሁሉ «እንግዲያውስ 28 ያዢ!» ይላል። እኔም ቁጥሩን ብቻ ባይ እንደዚያው እል ነበር።

ግን 28ኛዋ ሌሊት ዋጋውን ብቻ አይደለም የምትቀይረው። የስረዛ ደንቡም አብሮ ይቀየራል። የእሷ ስቱዲዮ ለአጭር ቆይታ መካከለኛው ደንብ ነበረው፤ ከመግቢያው 5 ቀን በፊት ከተሰረዘ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ቆይታው 28 ሌሊት ሲሞላ ግን የረጅም ቆይታ ደንብ ይተካዋል። እዚያ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው እንዲህ የሚል ነው፦ ከመግቢያው 30 ቀን በፊት ካልተሰረዘ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ክፍያ አይመለስም። የእሷ ቆይታ ደግሞ ጠቅላላው 28 ሌሊት ነው። ሥልጠናው በመጨረሻ ሰዓት ቢተላለፍ የምታጣው የ28ቱንም ሌሊት ክፍያ፣ 840 ዶላር ነው። 24 ዶላር ለመቆጠብ ሲባል ያን ያህል ገንዘብ ማስያዝ ነው ነገሩ። ደንቡ ቀናችሁን ካስገባችሁ በኋላ ከመክፈያው ቁልፍ በላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ቤት ከቤት ስለሚለያይ እዚያው አንብቡት።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ ያሳስባል። የግብዣ ደብዳቤ ይዘገያል፣ ቪዛ ይዘገያል። የደብረ ማርቆስ ሰው አዲስ አበባ ለመድረስ የዓባይን በረሃ ማቋረጥ አለበት፤ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። ጉዟችን በመጨረሻ ሰዓት የመቀየሩ ዕድል ሰፊ ስለሆነ፣ ገንዘብ የሚመልስ ደንብ ለእኛ ከ24 ዶላር በላይ ዋጋ አለው።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው 28 ሌሊት መያዝና ሥራው ሲያልቅ ቀድሞ መውጣት ነው። ለዚህ ለአከራዩ መጻፍም አያስፈልግም። ጉዞው የተረጋገጠ፣ ቲኬቱ የተቆረጠ፣ ደብዳቤው በእጅ ያለ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ቀድማችሁ ስትወጡ ገንዘብ ይመለሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ሁለተኛው ለአንድ ሳምንት ይዞ፣ ከገቡ በኋላ ማራዘም ነው። ቤቱን አይቶ መወሰን ስለሚያስችል ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ የምመርጠው መመለሻው ቀን ለማይታወቅ ሰው ብቻ ነው። ለሕክምና ዴልሂ ወይም ባንኮክ የሚሄድ ቤተሰብ ሐኪሙ መቼ እንደሚያሰናብተው አያውቅም፤ ለእሱ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ሁለት አደጋ ግን አለው። ቀጣዩን ሳምንት ሌላ ሰው ሊይዝባችሁ ይችላል። የተጨመሩት ቀናት ዋጋም በዚያን ዕለት ባለው ተመን ነው የሚሰላው። ስለዚህ ሳምንቱን ከመያዛችሁ በፊት ለአከራዩ «ምናልባት እስከ ሦስት ሳምንት ልናራዝም እንችላለን፤ ካራዘምን የሌሊቱ ዋጋ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በአፑ ቻት ውስጥ በጽሑፍ ይቀመጥ። በኋላ ስታራዝሙ ያንን መልስ አስታውሳችሁ ዋጋውን እንዲያስተካክል ትጠይቁታላችሁ። ግዴታ አይሆንበትም፤ ግን ራሱ የጻፈውን የሚክድ አከራይ ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ከመያዝ በፊት ጽፎ ልዩ ዋጋ ማስላክ ነው። ቀኑ ለሚታወቅ፣ ግን 28ን ማለፍ ለማይፈልግ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። አከራዩ በእናንተ ቀንና በተስማማችሁበት ዋጋ Special offer የሚባለውን ይልካል። እናንተ ተቀብላችሁ ትከፍላላችሁ። የሌሊቱ ቁጥር ከ28 በታች እስከሆነ ድረስ የአጭር ቆይታው የስረዛ ደንብ እንዳለ ይቆያል። የወሩን ዋጋ የሚጠጋ ቅናሽ ታገኛላችሁ፣ የወሩን ደንብ ግን አትሸከሙም።

ቡኪንግ ዶት ኮም ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ከአከራዩ ጋር ዋናው የመልእክት ልውውጥ የሚጀምረው ከያዛችሁ በኋላ ነው። ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ክፍል ይዛችሁ የመግቢያ ሰዓት መጠየቅ ይሠራል። ዋጋ ለመደራደር ግን የሚመች ቦታ አይደለም።

አከራዩ ለምን ይቀንሳል?

አከራዩ የሚቀንሰው ስላዘነ አይደለም። ረጅም እንግዳ የባዶ ሌሊት ሥጋት ያነሳለታል፤ በየሦስት ቀኑ አንሶላ መቀየርና ቁልፍ ማስረከብም ይቀርለታል። ሥጋቱ ደግሞ ሌላ ነው። እንግዳው ሰው ሰብስቦ ቢያድርስ? መብራቱን ቀንና ሌሊት ቢያነድስ? ናይሮቢ ውስጥ መብራት በብዛት ቀድሞ በሚገዛ ቶክን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ረጅም እንግዳ ሲመጣ «ቶክኑን ማን ይገዛል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ዋጋ ስትነጋገሩ አብራችሁ ዝጉት። አለዚያ ያገኛችሁት ቅናሽ በመብራት ተመልሶ ይሄዳል።

ሌላው ካላንደሩ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት የቤቱን ካላንደር ክፈቱ። በምትፈልጉት ወር ብዙ ቀን ክፍት ከሆነ የመደራደር አቅም አላችሁ። ዙሪያው ሁሉ ከተያዘ፣ ወይም ጊዜው የታኅሣሥ መጨረሻ የፈረንጆች በዓል ሰሞን ከሆነ፣ ቅናሹን ተዉትና ሰዓቱን ብቻ ጠይቁ።

አዲስ አካውንት ከሆነና ያለፈ አከራይ የሰጠው አስተያየት ከሌለው፣ ማን እንደሆናችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ይጠቅማል። ሥራችሁ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደምትሄዱ፣ ስንት ሰው እንደሚያድር። ከዚያ በላይ አትሂዱ። እኛ ጋ ደብዳቤ በሰላምታ ነው የሚሞላው፤ ከብቱም ልጁም እንደምን እንደከረመ ይጠየቃል። መልካም ባህል ነው። ስልኩ ላይ ከአሥር እንግዳ መልእክት ለሚመጣለት ሰው ግን ጥያቄው በሁለተኛው መስመር ላይ መታየት አለበት።

የአክስቴ ልጅ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ይዘቱ ይሄ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከኢትዮጵያ፣ ከባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። ለሥልጠና ናይሮቢ እመጣለሁ፤ የማርፈው ብቻዬን ነው። ቤትዎን ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 8፣ ለ24 ሌሊት እፈልገዋለሁ። ገጽዎ ላይ 28 ሌሊት ከጽዳት ጋር 865 ዶላር ይላል። እኔ አራቱን ሌሊት አልፈልጋቸውም፤ ለሌላ እንግዳ ሊያከራዩዋቸው ይችላሉ። 24ቱን ሌሊት ከጽዳትና ከመብራት ጋር በ800 ዶላር ልዩ ዋጋ ቢልኩልኝ በዚያው ቀን እይዘዋለሁ። አውሮፕላኔ ኦክቶበር 16፣ 00:40 ላይ ያርፋል። ለዚህም ነው ከ15 ጀምሬ የምከፍለው። ቤት የምደርሰው 02:30 ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት መግባት እችላለሁ?»

ዋናው ጉልበቱ ያለው «አራቱን ሌሊት አልፈልጋቸውም» በሚለው ላይ ነው። አከራይዋ ለ28 ሌሊት 865 ልትቀበል ቀድማ ራሷ ፈቅዳለች። 800 ብትቀበል 65 ዶላር ይጎድልባታል። ከተመለሱላት አራት ሌሊቶች ሁለቱን ብቻ በ40 ዶላር ብታከራይ ግን ትርፍ ውስጥ ናት። ይህን ስሌት ራሷ እንድትሠራው መተው አያስፈልግም፤ ቁጥሩን አቅርቦ መንገር ነው።

አከራይዋ በ830 ዶላር መለሰች፣ መብራት በእሷ። የአክስቴ ልጅም ተቀበለች። ከ889ኙ 59 ዶላር ቀነሰ፣ እስከ 5 ቀን ድረስ የመሰረዝ መብቷም እንዳለ ቀረ። 800 ላይ ሙጭጭ ብትል ኖሮ ምናልባት አሥር ዶላር ታተርፍ ነበር። ግን ሌሊት ላይ በር የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋታል። ዋጋ ላይ የመጨረሻውን ጠብታ ከጨመቃችሁት ሰው ሰዓት መጠየቅ ይከብዳል። እህል ተራ ላይ ስፍሩ ካለቀ በኋላ ምርቃት እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ የሰዓቱ ጥያቄም በጎ መልስ የሚያገኘው ዋጋው በሰላም ሲያልቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልዩ ዋጋው የሚቆየው 24 ሰዓት ብቻ ነው። እናንተ እስክትከፍሉም ቀኑ አይያዝላችሁም፤ ሌላ እንግዳ ሊቀድማችሁ ይችላል። የባንክ ካርዳችሁ ላይ ዶላር ሳይሞላ ቅዳሜ ከሰዓት ቢደርሳችሁ እሑድ ይቃጠላል። ካርዱን ቀድማችሁ አስሞሉ፣ ወይም «ሰኞ ጠዋት ቢልኩልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ኔት የሚቆራረጥበት ቦታ ካላችሁም ያንኑ በአንድ መስመር አሳውቁ። ዝምታችሁ ሐሳብ የቀየራችሁ እንዳይመስል።

የቀንና የሰዓት ጉዳይ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ በረራ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ከሌሊቱ 6:40 ይደርሳል። እኛ «የአምስት ሌሊት» ነው የምንለው። በፈረንጆቹ ግን ከእኩለ ሌሊት አልፏልና ቀኑ ኦክቶበር 16 ሆኗል። ኦክቶበር 16 ብላ ብትይዝ የቤቱ መግቢያ ሰዓት የ16 ከሰዓት በኋላ 15:00 ነው፤ በእኛ 9 ሰዓት። ከአውሮፕላን ወርዳ ከ14 ሰዓት በላይ ሻንጣ ይዛ ትጠብቃለች። ከ15 ከያዘች ደግሞ፣ ሳትነግራት ብትቀር አከራይዋ በ15 ማታ ጠብቃ «አልመጣችም» ልትል ትችላለች። ለዚህ ነው መልእክቱ ላይ የቀን፣ የበረራና የቤት መድረሻ ሰዓት ለየብቻ የተጻፈው፣ ያውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ናይሮቢ ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ሌላ አገር ከሆነ «በእናንተ ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩ።

እንዲህ ሌሊት ለሚደርስ ሰው «ያለ ክፍያ ቀድሜ ልግባ» ብሎ መጠየቅ አይመከርም። ያቺ ሌሊት ለአከራዩ ሙሉ ሌሊት ናት። ከፍሎ መያዝ ይሻላል።

ጠዋት 08:00 ላይ የሚደርስ ሰው ግን ሌላ ምርጫ አለው። ካላንደሩ ላይ ያለፈችው ሌሊት ክፍት ከሆነች «ማንም ካልያዘው በ10:00 መግባት እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አከራዩ ቀድሞ ቃል ባይገባ አይገርምም፤ በመጨረሻዋ ቀን እንግዳ ሊመጣለት ይችላል። ያለፈችው ሌሊት ከተያዘች ጥያቄውን ወደ ሻንጣ አውርዱት። «ሻንጣዬን ትቼ ልውጣና በ15:00 ልመለስ» የሚለውን እምቢ የሚል ጥቂት ነው። በዕድሜ የገፉ እናት ወይም ታማሚ ይዞ ለሚሄድ ግን ሻንጣ መተው አይበቃም። ለእሱ ያለፈችውን ሌሊት መክፈል ወጪ ቢመስልም ተገቢ ነው።

ሌሊት ስትደርሱ ቤቱ በራሳችሁ የሚገባበት መሆኑንም ተመልከቱ። ቁልፉ በኮድ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ወይም በሩ በኮድ የሚከፈት ከሆነ አከራዩን መቀስቀስ አያስፈልግም። ናይሮቢ አፓርታማዎች ላይ ግን በኮዱ ፊት ዘበኛ አለ። ስማችሁ በር ላይ ካልተመዘገበ ኮዱ አይጠቅምም። «ሙሉ ስሜን ፓስፖርቴ ላይ እንዳለው ለጥበቃው ይስጡልኝ» ብላችሁ ጻፉ። አካውንታችሁ በቅጽል ስም ከሆነ ወይም የአያት ስም ከጎደለው ችግሩ በር ላይ ነው የሚታየው።

«በቀጥታ ላክልኝ» ቢሏችሁ

አንዳንድ አከራይ «ከአፑ ውጭ በኤምፔሳ ላክልኝ፣ 20 በመቶ እቀንሳለሁ» ይላል። ቅናሹ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ደርሳችሁ ቤቱ ከሌለ ግን ገንዘቡን የሚያስመልስ የለም። አፑም ይህን ስለሚከለክል አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል። «በአፑ ብቻ ነው የምከፍለው፤ ያንኑ ዋጋ በልዩ ዋጋ ይላኩልኝ» ብላችሁ መልሱ። የሚልክ ይልካል፤ እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። በስልክ የተስማማችሁትንም ወዲያው ቻቱ ላይ ጻፉት፦ «በስልክ እንደተነጋገርነው መብራት በእርስዎ ነው፣ በ02:30 እገባለሁ።» አከራዩ «እሺ» ብሎ ይመልስበት። ጠብ ቢነሳ አፑ የሚያየው ቻቱን ነው።

መውጫውንም እዚያው መጨረስ ይቻላል። የናይሮቢው ቤት መውጫ 11:00 ነበር፣ የመመለሻው በረራ ግን ማታ። የአክስቴ ልጅ ይህን የጠየቀችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ አከራይዋ ስታውቃትና ቤቱን በንጽሕና እንደያዘችው ስታይ። ኖቬምበር 8 የሚገባ እንግዳ ስላልነበረ እስከ 16:00 እንድትቆይ ፈቀደችላት።